በአሮጌ ፈተና 100 ያመጣ ኢንዲኬተር አይሸጥልኝ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ማስታወቂያ ያላየ የለም። «በ10 ዓመት ዳታ የተፈተነ፣ ምርጥ ሴቲንግ የወጣለት የወርቅ ኢንዲኬተር» ይላል። ከሥሩ እንደ መሰላል ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መስመር ይለጠፋል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ስልኩ ላይ ሜታትሬደር የጫነ ወጣት ሥዕሉን ይቀባበላል። የበርበሬና የበቆሎ ገንዘብ ወደዚያ ሥዕል እየሄደ ነው። ስለዚህ ዝም አልልም።

ግን ዛሬ በዋናነት የማናግረው ሻጩን አይደለም። ኢንዲኬተሩን በእጁ የሚሠራውን፣ ኮዱን የሚጽፈውን፣ ውጤቱ ሲያምርበት ደግሞ ውስጥ ውስጡን «ይሄ ነገር ያለፈውን ዋጋ ሸምድዶ እንዳይሆን?» ብሎ የሚጠረጥረውን ወንድሜን ነው። ጥርጣሬህን አትግፋው። ጓደኞችህ «አታካብድ፣ ሰርቷል እኮ» ይሉሃል። አልሰራም። ገና አልተፈተነም።

አቋሜን በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ኦፕቲማይዝ ተደርጎ የወጣ ውጤት የፈተና ውጤት አይደለም፤ የጥናት ውጤት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ለሰው የሚያሳይ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ እያታለለ ነው።

ይህን እኛ አገር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚሁ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ካርድ ላይ 80ና 90 ይዘው የመጡ ብዙ ናቸው። የካርዱ ቁጥር ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ያየኸውን ጥያቄ መመለስና ያላየኸውን ጥያቄ መመለስ ይለያያሉ። ኢንዲኬተርም እንደዚያው ነው። ሴቲንጉ የተመረጠበት ዳታ ላይ ያመጣው ትርፍ መልሱን አይቶ የተፈተነ ተማሪ ማርክ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

ወርቅ (`XAUUSD`) በ4 ሰዓት ቻርት ላይ የሚሠራ ኢንዲኬተር አለህ እንበል። ሁለት ሙቪንግ አቬሬጅ አለው፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ወደ ላይ ሲያቋርጥ ግዛ ይላል፣ ወደ ታች ሲያቋርጥ ሽጥ ይላል። ስቶፕ ሎሱ ደግሞ የኤቲአር ብዜት ነው። ሦስት ፓራሜትር ማለት ነው። ፈጣኑን ከ5 እስከ 50 በ1 በ1፣ ዘገምተኛውን ከ60 እስከ 200 በ5 በ5፣ የስቶፑን ብዜት ከ1.0 እስከ 4.0 በ0.1 እየጨመርክ ሞከርክ። ስንት ሙከራ ሆነ? 46 ሲባዛ በ29 ሲባዛ በ31፤ 41,354 ሙከራ። ማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው ከእነዚህ ውስጥ አንደኛ የወጣው ነው። የ41,353ቱን ነገር የሚያነሳ የለም።

41,354 ሰው ስታዲየም ውስጥ ሰብስበህ ሁሉም ሳንቲም 15 ጊዜ ይወርውሩ ብትል፣ 15ቱንም ጊዜ «አንበሳ» የሚያመጣ በአማካይ ከአንድ በላይ ሰው ታገኛለህ። ያ ሰው የሳንቲም ሊቅ ነው? አይደለም። ብዙ ሰው ስለወረወረ የግድ አንድ ሰው ላይ ይወድቅ ነበር። እውነት ነው፣ 17ና 18 የተቀራረቡ ሴቲንጎች ስለሆኑ 41,354ቱ ሙከራ ሙሉ በሙሉ የተለያየ አይደለም፤ የራሱ የሆነ ሙከራ ብዛቱ ከዚያ ያንሳል። ግን ለመታለል ያን ያህልም አያስፈልግም። በፈረንጅ 2014 ዴቪድ ቤይሊ፣ ማርኮስ ሎፔዝ ዴ ፕራዶና ሁለት ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ የ5 ዓመት ዳታ ብቻ ይዘህ እርስ በርስ የማይገናኙ ከ45 በላይ ሴቲንጎች ከሞከርክ፣ ምንም ችሎታ ሳይኖር 1 የሚሆን ሻርፕ ሬሾ ያለው «ምርጥ» ማግኘትህ አይቀርም። አርባ አምስት! የኛ ሰው በሺዎች ሞክሮ ነው «አገኘሁት» የሚለው።

ታዲያ እንዴት ይፈተን? በሁለት መንገድ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ዎክ ፎርዋርድ ነው። ሮበርት ፓርዶ የሚባል አሜሪካዊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ያለፈው ላይ ምረጥ፣ የሚቀጥለው ላይ ተፈተን፣ ከዚያ መስኮቱን ወደፊት ግፋና ድገም። በምሳሌያችን ከ2015 እስከ 2024 (በፈረንጅ) ዳታ አለህ። 3 ዓመት ለማጥኛ፣ 1 ዓመት ለመፈተኛ እንመድብ።

```
ማጥኛ 2015-2017  ->  ፈተና 2018
ማጥኛ 2016-2018  ->  ፈተና 2019
ማጥኛ 2017-2019  ->  ፈተና 2020
ማጥኛ 2018-2020  ->  ፈተና 2021
ማጥኛ 2019-2021  ->  ፈተና 2022
ማጥኛ 2020-2022  ->  ፈተና 2023
ማጥኛ 2021-2023  ->  ፈተና 2024
```

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ምርጡን ሴቲንግ የምታወጣው ከማጥኛው ብቻ ነው። ከዚያ ያንኑ ሴቲንግ ሳትነካ የፈተናው ዓመት ላይ ታሮጠዋለህ፣ ውጤቱን ትጽፋለህ። በመጨረሻ ሰባቱን የፈተና ዓመታት ትቀጥላቸዋለህ። የኢንዲኬተርህ እውነተኛ መስመር ያ የተቀጠለው ነው። የማጥኛውን መስመር ለማንም አታሳይ።

ሜታትሬደር 5 የስትራቴጂ መፈተሻው ላይ `Forward` የሚል ምርጫ አለው፤ `1/2`፣ `1/3`፣ `1/4` ወይም ራስህ የምትሰጠው ቀን። ብዙ ሰው ይህን ነክቶ «ዎክ ፎርዋርድ ሠርቻለሁ» ይላል። ያ አንድ ጊዜ መክፈል ብቻ ነው፤ ከሰባቱ መስመር አንዱን እንደ መሥራት ነው። ሙሉውን ለመሥራት ቀኑን በእጅህ እየቀየርክ ሰባት ጊዜ ማሮጥ አለብህ። አሰልቺ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። የሰው ገንዘብ ግን ከግማሽ ቀን በላይ ያወጣል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢንዲኬተር ብቻውን ትርፍና ኪሳራ የለውም፤ መፈተሻው እንዲመዝነው መጀመሪያ ገዝቶ የሚሸጥ ሮቦት ውስጥ መግባት አለበት። «ኢንዲኬተሩን ፈትኜዋለሁ» የሚልህን ሰው መግቢያውና መውጫው በምን ሕግ እንደሆነ ጠይቀው። በዓይን ቻርት ላይ እያየ ከሆነ የፈተነው፣ አልፈተነም።

አሁን ውጤቱን እናንብብ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ነው ያወጣኋቸው። በማጥኛ ዓመታት አማካይ ትርፉ በዓመት 38 በመቶ ነበር እንበል። በፈተና ዓመታት ደግሞ፦ 2018 ላይ 6 ከሰረ፣ 2019 ላይ 9 አተረፈ፣ 2020 ላይ 21 አተረፈ፣ 2021 ላይ 11 ከሰረ፣ 2022 ላይ 8 ከሰረ፣ 2023 ላይ 3 አተረፈ፣ 2024 ላይ 14 አተረፈ። ድምሩ 22፣ አማካዩ በዓመት 3 በመቶ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። የፈተናውን አማካይ ለማጥኛው አማካይ ስታካፍለው 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ንጽጽር የዎክ ፎርዋርድ ብቃት ይባላል፤ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ተጠራጠር ይባላል። 8 በመቶ ማለት የ38ቱ ትርፍ ከ10 እጁ 9ኙ ሽምደዳ ነበር ማለት ነው።

«ቢሆንም አትርፏል እኮ» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወረድ ብለን እንየው። ትርፉን የተሸከሙት 2020ና 2024 ናቸው። እነሱን ብታወጣ ቀሪዎቹ አምስት ዓመታት በድምሩ 13 ይከስራሉ። እነዚህ ሁለት ዓመታት ደግሞ የወርቅ ዋጋ ራሱ በዓለም ገበያ ከ20 በመቶ በላይ የጨመረባቸው ናቸው። ወርቅ ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ የተኛ ሰው ከኢንዲኬተሩ የበለጠ አግኝቷል! ስለዚህ የፈተና መስመርህን ሁልጊዜ ዝም ብሎ ከመያዝ ጋር አወዳድረው። የገበያውን ጉልበት የራስህ ብልሃት አድርገህ አትቁጠር።

ሌላም ማየት ያለብህ አለ፤ ብዙዎች ይዘሉታል። በየመስኮቱ የተመረጠው ሴቲንግ ምን ነበር? ፈጣኑ ሙቪንግ አቬሬጅ 17፣ 19፣ 16፣ 18 እያለ አንድ ሰፈር ከቆየ ገበያው ውስጥ የሆነ ነገር ይዟል ማለት ይቻላል። አንዴ 8፣ አንዴ 41፣ አንዴ 13፣ አንዴ 47 ካለ ግን ማሽኑ በየዓመቱ አዲስ ጫጫታ እየሸመደደ ነው። ሁለት መስኮቶች ተከታታይ ሲሆኑ ከሦስቱ የማጥኛ ዓመት ሁለቱ የጋራቸው ናቸው። የጋራ ሁለት ዓመት ይዞ እንኳ እንዲህ ከዘለለ ምን ተስፋ አለው?

ሁለተኛው ፈተና የፓራሜትር ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ሴቲንጉን በትንሹ ነካ ስታደርገው ውጤቱ ምን ያህል ይነቃነቃል የሚለው። የተመረጠልህ 17፣ 85ና 2.3 ነው እንበል። ሁለቱን እንዳሉ ትተህ ፈጣኑን ብቻ 14፣ 15፣ 16፣ 18፣ 19፣ 20 አድርገው። 17 ላይ 38 በመቶ አትርፎ 16 ላይ 7፣ 18 ላይ ደግሞ 2 ኪሳራ ከሆነ፣ የቆምከው ሹል ድንጋይ ጫፍ ላይ ነው። የ17 ሻማ አማካይና የ18 ሻማ አማካይ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው ማለት ይቻላል፤ ገበያው አንዱን እንዲወድ ሌላውን እንዲጠላ የሚያደርግ ምንም ምክንያት የለም። ልዩነቱን ያመጡት በአጋጣሚ የተያዙ ወይም የተሳቱ ሁለትና ሦስት ትልልቅ ትሬዶች ናቸው። ገብተህ ብትቆጥራቸው ታገኛቸዋለህ።

ከ14 እስከ 20 ሁሉም ከ15 እስከ 19 በመቶ ካተረፉ ግን አምባ ላይ ነህ። ያኔም ከፍተኛውን ሳይሆን የአምባውን መሐል ምረጥ፣ የምትጠብቀውንም ትርፍ የአምባውን አማካይ አድርግ። ከዚያ ዘገምተኛውንና ስቶፑን በየተራ፣ ቀጥሎም ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ እያንቀሳቀስክ ድገመው።

እዚህ ላይ አንድ የመሣሪያ ነገር አለ። ሜታትሬደር ውስጥ `Fast genetic based algorithm` የሚለውን ከመረጥክ ማሽኑ ጎረቤቶቹን ሁሉ አይሞክርም፤ ወደ ጫፉ እየሮጠ ይሄዳል። አምባ ይሁን ሹል ጫፍ ማወቅ ከፈለግክ ጠበብ ያለ ክልል ሰጥተህ `Slow complete algorithm` አድርገው። እንዲሁም የ4 ሰዓት ሻማ የሚዘጋበት ሰዓት በብሮከሩ ሰርቨር ሰዓት ይወሰናል። የሌላ ብሮከር ዳታ ላይ፣ ሻማው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ተዛውሮ በሚዘጋበት፣ ያንኑ ሴቲንግ አሮጠው። ወርቁ አንድ ነው፣ ዓለም ላይ ያለው ዋጋ አንድ ነው። በዚያ ብቻ ትርፉ ከጠፋ ኢንዲኬተርህ የሚያውቀው የብሮከሩን ሰዓት እንጂ ወርቅን አይደለም።

አምባ ማግኘት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወርቅ ሁሌ በወጣበት ዘመን የትኛውም «ግዛ» የሚል ሴቲንግ ያተርፋል፣ ስለዚህ አገር ምድሩ ሁሉ አምባ ይመስላል። ፓራሜትሩ ምንም ሥራ የማይሠራ ከሆነም ውጤቱ አይነቃነቅም፤ ያኔ እሱን ፓራሜትር አውጥተህ ጣለው፣ አንድ ማታለያ ቀነሰልህ። ለዚህ ነው ሁለቱም ፈተና ያስፈልጋሉ ያልኩት፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዛል።

አሁን ወደ ክርክሩ። ከሁሉም የከፋው ሌብነት ዎክ ፎርዋርድን ሠርቶ ማበላሸት ነው። ልጁ የፈተናውን ዓመት ውጤት ያያል፣ አልወደደውም፤ ተመልሶ አንድ ፊልተር ይጨምራል፤ እንደገና ያሮጣል። አሁንም አልወደደውም፤ የማጥኛውን መስኮት ከ3 ዓመት ወደ 2 ያደርገዋል። በአሥረኛው ሙከራ ያማረ መስመር ይወጣል። ከዚያ «በዎክ ፎርዋርድ ያለፈ» ብሎ ይለጥፋል። ይሄ የፈተና ወረቀት አሥር ጊዜ ተሰጥቶት በአሥረኛው ያለፈ ተማሪ ነው። የ`Forward` ሰንጠረዡን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ አናቱን መምረጥም ያው ነው፤ ፈተናውን ወደ ማጥኛ ቀየርከው ማለት ነው። መድኃኒቱ ከመጀመርህ በፊት መስኮቱን፣ የመምረጫ ሕጉንና «ከዚህ በታች ከሆነ እጥለዋለሁ» የምትለውን ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ስንት ጊዜ እንዳሮጥክም ቁጠር። የመጨረሻውን ዓመት ደግሞ ጨርሶ ሳትነካ አስቀምጠው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የምትከፍተው ፖስታ ይሁን።

«ለምን ይሄ ሁሉ? ዴሞ ላይ ሦስት ወር አሮጠዋለሁ፣ ገበያው ይፍረድ» የሚሉም አሉ። በዓመት 20 ትሬድ የሚሠራ ኢንዲኬተር በሦስት ወር ስንት ትሬድ ይሠራል? አምስት። በአምስት ትሬድ የሚፈርድ ዳኛ የለም። በሰባቱ የፈተና ዓመታት ግን 140 ትሬድ አለህ። እሱም ብዙ አይደለም፣ ከአምስት ግን ይሻላል። ዴሞው የሚጠቅመው ሌላ ነገር ለማየት ነው፤ ስፕሬዱና በየሌሊቱ የሚቆረጠው ስዋፕ ፈተና ላይ ከቆጠርከው ጋር ይገጥማል ወይ የሚለውን።

«የበቆሎ ዝርያ እንኳ እንዲህ አይፈተንም» ያለኝም ሰው አለ። ይፈተናል! አንድ ዝርያ ለገበሬ ከመለቀቁ በፊት በተለያዩ ቦታዎችና በተለያዩ ዓመታት ይሞከራል። አንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ጥሩ ክረምት፣ ፍግ የተደፋበት ዳር ላይ የበቀለውን ትልቁን ራስ ቆርጦ «ይሄው ዝርያው» የሚል ተመራማሪ የለም። ኢንዲኬተር ሻጭ ግን የሚያደርገው በትክክል ይህን ነው።

ዘዴው ሁሉን ቻይ ነው ብዬ ደግሞ አልዋሽም። ዎክ ፎርዋርድ የሚፈትነው በዳታው ውስጥ ያለውን ዓለም ነው። የብርን ነገር ተመልከቱ። ለዓመታት የባንክ ተመኑ ቀስ እያለ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዳታ ላይ ሰባትም ሆነ ሰባ መስኮት ብትሠራ ይህን አያሳይህም፤ መስኮቶቹ ሁሉ ያዩት አንድ ዓይነት ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። በእሱ ዳታ ላይ «የተፈተነ ኢንዲኬተር አለኝ» የሚል ሰው ከመጣባችሁ፣ 3 ዓመት ማጥኛና 7 ዓመት ፈተና ከየት አመጣህ በሉት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጥርጣሬህን ወደ ሥራ ቀይረው። ሰባቱን መስኮት ሥራ፣ ጎረቤት ቁጥሮቹን ሞክር፣ የሌላ ብሮከር ዳታ ላይ አሮጥ። ከወደቀ ጣለው፤ ላም አለኝ በሰማይ ከማለት ይሻላል። ካለፈ ደግሞ 38 በመቶውን ሳይሆን የፈተናውን ቁጥር ተናገር፣ ያነሰ ቢሆንም።

ገዢ ለሆናችሁት ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይበቃችኋል። ይህን ሴቲንግ ለማግኘት ስንት ሙከራ አደረግህ? ሴቲንጉ ካልተመረጠባቸው ዓመታት ብቻ የተቀጠለውን መስመር አሳየኝ፤ አለህ? 17ቱን 18 ባደርገው ምን ይሆናል? ሦስቱንም ሳይንተባተብ በቁጥር የሚመልስ ሻጭ ካገኛችሁ ስሙት። «ብሮ እመነኝ» ካላችሁ ግን ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩ።

ሼር አድርጉት፤ በተለይ ይህን የሚሠራ ልጅ የምታውቁ ከሆነ። የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ኑ፤ ስትመጡ ግን የፈተና ዓመታችሁን ውጤት ይዛችሁ ኑ።